«ከእሱ ጋር ያወራል፣ እኔን ግን አይሰማኝም»፦ የፓርቲ ቻት ዝምታ ከየት ይመጣል?

ባለፈው ክረምት ዘመድ ጥየቃ ቢስቲማ በሄድኩበት ሰሞን የአጎቴ ልጅ አንድ አቤቱታ ይዞ መጣ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ማታ ማታ ፕሌይስቴሽን 4ቱን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር አገናኝቶ ከሦስት ልጆች ጋር ይጫወታል። አንዱ ደሴ ነው፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ ሦስተኛው ደግሞ አብሮ አደጉ ሆኖ ቤተሰቦቹ ወደ አዲስ አበባ ይዘውት የሄዱ ልጅ ነው።

«ወላሂ ዘግቶኛል» አለኝ ስለ አብሮ አደጉ። «ከኮምቦልቻው ጋር ያወራል፣ ይስቃል፤ እኔ ስጠራው ግን ዝም። እሱ ደግሞ አንተ ነህ ዝም የምትለው ይለኛል። እንዴ፣ ጌሙ እኮ ይሠራል! አብረን እየተጫወትን እንዴት ድምፄ አይደርሰውም?»

ያጠራቀማትን ብር አውጥቶ አዲስ ሄድሴት ገዝቷል። ምንም አልተለወጠም። ሁለቱ ልጆች ግን ቀስ በቀስ መኮራረፍ ጀምረዋል።

የጠየቀው ጥያቄ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ጌሙ ከሠራ ኢንተርኔት አለ ማለት ነው። ኢንተርኔት ካለ ድምፅ ለምን ይቀራል? ለዚያውም ከሁሉም ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰው ጋር ብቻ?

ሴቲንግ ከመነካካት በፊት ሰንጠረዥ

በፓርቲ ቻት ድምፅ ሲጠፋ ተጠርጣሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ ሄድሴቱ፣ ኔትወርኩ፣ ወይም የአካውንቱ የግላዊነት ምርጫ። አብዛኞቻችን የምንሠራው ስህተት አንድ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ያገኘነውን ሁሉ እንነካካለን፤ ወይም እንደ አጎቴ ልጅ ገንዘብ እናወጣለን። ሦስቱን ለመለየት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

አራቱንም ልጆች ፓርቲ ውስጥ አስገባናቸው። ከዚያ ተራ በተራ እያንዳንዱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል፤ ሌሎቹ ደግሞ በቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ «ሰማሁ» ወይም «አልሰማሁም» ብለው ይጽፋሉ። አስር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ውጤቱ ይህ ነበር፦

| ተናጋሪው ↓ ሰሚው → | ቢስቲማ | ደሴ | ኮምቦልቻ | አዲስ አበባ |
|---|---|---|---|---|
| ቢስቲማ | – | ሰማ | ሰማ | አልሰማም |
| ደሴ | አልሰማም | – | አልሰማም | አልሰማም |
| ኮምቦልቻ | ሰማ | ሰማ | – | ሰማ |
| አዲስ አበባ | አልሰማም | ሰማ | ሰማ | – |

እስቲ ሰንጠረዡን ቀስ ብላችሁ እዩት። የደሴው ልጅ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠፍቷል፤ እሱ ግን ሁሉንም ይሰማል። አንድ ሰው ለማንም የማይሰማ ከሆነ ችግሩ ያለው እሱው ጋ ነው። ሦስት የተለያዩ መንገዶች በአንድ ጊዜ ይበላሻሉ ብሎ ከማሰብ አንድ ማይክ ተበላሽቷል ብሎ ማሰብ ይቀላል። በተቃራኒው አንድ ሰው ማንንም የማይሰማ ቢሆን ኖሮ ከላይ ወደ ታች ያለው ዓምድ ይጠፋ ነበር። ያኔ የምንመረምረው የዚያን ሰው የድምፅ መውጫ ነው።

የቢስቲማውና የአዲስ አበባው ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። የቢስቲማው ማይክ ይሠራል፤ ደሴና ኮምቦልቻ ሰምተውታል። የአዲስ አበባውም ማይክ ይሠራል። የጠፋው በሁለቱ መካከል ያለው ብቻ ነው፣ ያውም በሁለቱም አቅጣጫ። ስለዚህ አዲሱ ሄድሴት ከመጀመሪያውም የሚፈታው ነገር አልነበረም።

የደሴው ልጅ፦ አረንጓዴውና ሮዙ

ቀላሉን እናስቀድም። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ Settings > Devices > Audio Devices ውስጥ Adjust Microphone Level የሚል አለ። ስትገቡ ድምፅ ስታሰሙ የሚንቀሳቀስ መለኪያ ታያላችሁ። መለኪያው ከተንቀሳቀሰ ማሽኑ ማይኩን ይሰማል፤ ሄድሴቱን ተዉትና ወደ ሌላ ተጠርጣሪ እለፉ። የደሴው ልጅ ሲናገር መለኪያው ፍንክች አላለም።

«የሄድሴትህን መሰኪያ ተመልከት፤ ስንት ጥቁር ቀለበት አለው?» ብዬ ጻፍኩለት።

«ሁለት» አለ። «ደግሞ ሌላ ሮዝ መሰኪያ አለው፣ እሱን የምሰካበት ስላጣሁ ተውኩት።»

ምክንያቱ ይኸው ነው። የመሰኪያው ጥቁር ቀለበቶች ብረቱን ወደ ተለያዩ ክፍሎች የሚከፍሉ መለያዎች ናቸው። ሁለት ቀለበት ካለ ሦስት የብረት ክፍሎች አሉ፦ ለግራ ጆሮ፣ ለቀኝ ጆሮና ለጋራ መመለሻ። ለማይክ የተረፈ ቦታ የለም። ሦስት ቀለበት ያለው መሰኪያ ግን አራት ክፍሎች ስላሉት አራተኛው ማይኩን ይሸከማል። የፕሌይስቴሽኑ ጆይስቲክ የሚፈልገው ይህንን ባለ አራቱን ነው። የደሴው ልጅ የያዘው የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሄድሴት ነበር፤ አረንጓዴው ለመስማት፣ ሮዙ ለመናገር። አረንጓዴውን ብቻ ስለሰካ ሁሉንም ይሰማል፣ እሱን ግን ማንም አይሰማውም።

ሁለቱን ወደ አንድ ባለ ሦስት ቀለበት የሚያገናኝ ትንሽ ኬብል አለ። እስኪያገኝ ድረስ የስልኩን ኢርፎን ሰካ፤ መለኪያው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፁም ለሁሉም ደረሰ። የሰንጠረዡ አንድ መስመር ሙሉ በሙሉ ዳነ። ቢስቲማና አዲስ አበባ ግን አሁንም ዝም።

በር ላይ ያለው ጥበቃ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጌሙና ወሬው በአንድ መንገድ የሚሄዱ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ብዙ የኦንላይን ጌሞች ውስጥ ሁሉም ተጫዋች የሚገናኘው ከአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ጋር ነው። የፓርቲ ቻት ድምፅ ግን ሰርቨሩን ትቶ በቀጥታ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። መንገዱ ያጥራል፣ ድምፁም ቶሎ ይደርሳል። ችግሩ በቀጥታ መድረስ በራሱ ቀላል አለመሆኑ ነው።

ለምን? ኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ አይፒ አድራሻ ያስፈልገዋል። የቆየው የአድራሻ ሥርዓት 32 ቢት ስለሆነ ሊኖሩት የሚችሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። ይህ እንደማይበቃ ቀድሞ ስለታወቀ በ1994 (እ.ኤ.አ.) አንድ ዘዴ ቀረበ፦ ብዙ መሣሪያዎች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋሩ። በስክሪናችሁ ላይ NAT ተብሎ የሚታየው ይህ ነው። በየካቲት 2011 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ዓለም አቀፉ ማዕከል የመጨረሻዎቹን ትልልቅ የአድራሻ ክፍሎች አከፋፍሎ ጨረሰ። ስለዚህ ዛሬ መጋራት የተለመደ ኑሮ ነው።

አንድ ትልቅ ግቢ አስቡ። ውስጡ ብዙ ክፍሎች አሉ፣ ውጭ የሚታወቀው ግን የግቢው አድራሻ ብቻ ነው። በሩ ላይ ጥበቃ ተቀምጧል። ከክፍል 7 አንድ ሰው ወደ ውጭ መልእክት ሲልክ ጥበቃው መዝገቡ ላይ ይጽፋል፦ «ክፍል 7፣ በበር 5000 በኩል፣ ወደ እገሌ ልኳል።» መልሱ በበር 5000 ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ወደ ክፍል 7 ያስገባዋል። ያልተመዘገበ እንግዳ ሲመጣ ግን የት እንደሚወስደው ስለማያውቅ ይመልሰዋል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መዝገቡ ላይ ስለሌለ ነው።

ታዲያ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም በየግቢያቸው ጥበቃ እያላቸው፣ እንዴት ይገናኛሉ? መጀመሪያ ሁለቱም ወደ አንድ የታወቀ ሰርቨር መልእክት ይልካሉ። ሰርቨሩ የእያንዳንዳቸውን የበር ቁጥር ያይና ለሌላው ይነግረዋል፦ «የእሱ በር 5000 ነው፣ የአንተ 6200 ነው፤ በሉ ተላላኩ።» ሁለቱም በአንድ ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው ይልካሉ። እነሱ ራሳቸው ስለላኩ ሁለቱም ጥበቃዎች መዝገባቸው ላይ ጽፈዋል። ስለዚህ የሚመጣው ድምፅ እንደ መልስ ተቆጥሮ ይገባል። ጥሩ ብልሃት ነው።

ብልሃቱ የሚከሽፈው ጥበቃው በጣም ጥብቅ ሲሆን ነው። አንዳንድ ጥበቃ ለእያንዳንዱ ተቀባይ አዲስ በር ይከፍታል። ወደ ሰርቨሩ የተላከው በበር 5000 ወጣ፤ ወደ ጓደኛ የተላከው ግን በበር 5731 ይወጣል። ሰርቨሩ ለጓደኛው የነገረው 5000ን ነው። ጓደኛው 5000ን ያንኳኳል፤ ያ በር ደግሞ ከሰርቨሩ በስተቀር ለማንም አይከፈትም።

ልብ በሉ፣ ከሁለቱ አንደኛው ብቻ ጥብቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ አለ። ጥብቁ ወደ ላላው ይልካል፤ የላላው ማሽን መልእክቱ ከየትኛው በር እንደመጣ ያያል፣ ወደዚያው በር ይመልሳል። ሁለቱም ጥብቅ ሲሆኑ ግን አንዳቸውም የሌላውን እውነተኛ በር ሊያውቁ አይችሉም። ዝምታው የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ከደካማ ኔትወርክም የሚለይበት ምልክት አለ። የድምፅ ጥሪ ንግግራችሁን ወደ ትንንሽ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ብዙ ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ያህል ይልካል። ኔትወርክ ሲደክም የተወሰኑት ይጠፋሉ፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ እንደ ሮቦት ይሆናል። የበር ችግር ሲሆን ግን አንድም ቁራጭ አያልፍም። የሚቆራረጥ ድምፅ እና ፍጹም ዝምታ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ቢስቲማ ታይፕ 3፣ አዲስ አበባም ታይፕ 3

ፕሌይስቴሽን 4 ላይ Settings > Network > Test Internet Connection ስትሉ በውጤቱ ውስጥ NAT Type ይመጣል። Type 1 ማለት ማሽኑ በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቷል፣ Type 2 በራውተር በኩል ቢሆንም ሥርዓት ይዟል፣ Type 3 ደግሞ ከሌሎች ማሽኖች ጋር መገናኘት ሊቸገር ይችላል ማለት ነው። ኤክስቦክስ ላይ ተመሳሳዩን Open፣ Moderate እና Strict ይለዋል።

አራቱም ሞከሩ። ኮምቦልቻ Type 2። ደሴ Type 2። ቢስቲማ Type 3። አዲስ አበባ Type 3። ሰንጠረዡ ላይ የጠፋው ጥንድ በትክክል ሁለቱ ታይፕ 3ዎች ናቸው።

ለማረጋገጥ አንድ ተጨማሪ ሙከራ አደረግን። የአዲስ አበባው ልጅ ማሽኑን ለጊዜው ከቤቱ ራውተር አላቆ በእናቱ ስልክ ሆትስፖት አገናኘ። የሆትስፖቱም NAT Type 3 አለ፤ ዝምታውም እንዳለ ቀጠለ። የኮምቦልቻው ልጅ ሲሞክር ግን የተለየ ነገር ታየ። ከቤቱ መስመር ወጥቶ በስልክ ሆትስፖት ሲገባ ወዲያው ከቢስቲማው ጋር መሰማማት አቆሙ፤ ወደ ቤቱ መስመር ሲመለስ ድምፁ ተመለሰ። ሄድሴቱ ያው፣ አካውንቱ ያው፣ የተቀየረው ኔትወርኩ ብቻ። ችግሩ ኔትወርኩን ተከትሎ ሄደ።

አሁን የማን ይስተካከል? የአጎቴ ልጅ ወዲያው «የኔን አስተካክልልኝ» አለ። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን የተሰጠውን አይፒ አድራሻ አየን፤ በ10 ይጀምራል። ከዚያ አድራሻ የሚያሳይ ድረ ገጽ ከፈትን፤ ፍጹም ሌላ ቁጥር አሳየ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ የውጭውን አድራሻ የያዘው ስልካችሁ ሳይሆን የኔትወርክ አቅራቢው ነው፤ ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋሩታላችሁ ማለት ነው። የስልኩ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ቢጀምርም ያው ነው፤ ያ ክፍል ለዚሁ ዓይነት መጋራት በ2012 (እ.ኤ.አ.) የተመደበ ነው። ጥብቁ ጥበቃ የተቀመጠው ከቤት ውጭ ስለሆነ ቢስቲማ ላይ የሚነካ ቁልፍ የለም። ስልክ ብትቀይሩ፣ ፖርት ብትከፍቱ ዋጋ የለውም።

አዲስ አበባ ያለው ቤት ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። ከአቅራቢው የተሰጠ ራውተር ሳሎን አለ። ዋይፋዩ መኝታ ቤት ስለማይደርስ ቤተሰቡ ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ከመጀመሪያው ጋር በኬብል አገናኝቶታል። ማሽኑ የተገናኘው ከሁለተኛው ጋር ነው። ልጁ የሁለተኛውን ራውተር ገጽ ከፍቶ የ WAN አድራሻውን ሲያይ በ192.168 ይጀምራል። ይህ የቤት ውስጥ አድራሻ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጥበቃ፣ ሁለት መዝገብ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ራውተር የ WAN አድራሻ ግን ድረ ገጹ ካሳየው ጋር አንድ ሆነ። ከዚያ በላይ ሌላ ጥበቃ የለም፤ ይህ ቤት ሊስተካከል ይችላል።

የሠራው ሦስት ነገር ነው። ሁለተኛውን ራውተር ወደ Access Point ቀየረው፤ ዋይፋዩን ማሰራጨት ይቀጥላል፣ ጥበቃነቱን ግን ይተዋል። በመጀመሪያው ራውተር ላይ UPnP የሚለውን አበራ፤ ይህ ማሽኑ ራሱ «ይህን በር ለእኔ ያዝልኝ» ብሎ ራውተሩን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በመጨረሻም ራውተሮቹንና ማሽኑን አጥፍቶ አበራ፤ አሮጌው መዝገብ እንዲጠፋ። እንደገና ሲሞክር Type 2 አለ።

ፓርቲውን ዘግተው አዲስ ከፈቱ። ቢስቲማ አሁንም Type 3 ነው፤ እዚያ አንድም ነገር አልተነካም። ግን ጥብቁ አንድ ብቻ ሆነ።

«ሃሎ?» አለ የአዲስ አበባው።

«አንተ! የት ጠፍተህ ነው?» አለ የአጎቴ ልጅ።

በመድረኮች ላይ ብዙ ጊዜ ችግሩ የተከሰተበት ሰው የራሱን ቤት ብቻ ሲፈትሽ ታያላችሁ። የNAT ችግር ግን የጥንድ ችግር ነው። መጥፎውን ኔትወርክ የያዘው ሰው ምንም ማድረግ ሳይችል፣ ሌላኛው ጫፍ ሲስተካከል ሊፈታ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ DMZ የሚባለውን አብሩ የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ይህ በሩን ለአንድ መሣሪያ ወለል አድርጎ መክፈት ነው፤ በስህተት ኮምፒውተራችሁን ካስገባችሁበት ለማንም ታጋልጡታላችሁ። ሁለተኛ፣ ሁለታችሁም በስልክ ሆትስፖት የምትጫወቱ ከሆነ በእናንተ በኩል የሚስተካከል ላይኖር ይችላል። ያኔ ድምፁን በሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አማራጭ ተጠቀሙ፤ ለምሳሌ ዲስኮርድ በስልክ። እያንዳንዳችሁ ወደ ሰርቨሩ ስለምትልኩ የበር ቁጥር መገመት አያስፈልግም፤ መንገዱ ግን ስለሚረዝም ድምፁ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ፦ አካውንቱ

በማግስቱ ከሐይቅ የመጣ የ12 ዓመት ዘመድ ተቀላቀለ። በራሱ አካውንት ሲገባ ጌሙ ይከፈትለታል፣ ወሬው ግን ለእሱ ዝግ ነው። ያው ማሽን፣ ያው ሄድሴት፣ ያው ሆትስፖት። የአጎቴ ልጅ በራሱ አካውንት ሲገባ ይሠራል፤ ትንሹ በራሱ ሲገባ አይሠራም። ችግሩ አካውንቱን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው።

የልጆች አካውንት ላይ የቤተሰብ አስተዳዳሪው ንግግርንና መልእክትን መከልከል ይችላል። ፕሌይስቴሽን ላይ ይህ በ Family Management ሥር Communication and User-Generated Content ተብሎ ይገኛል። ኤክስቦክስ ላይ Privacy & online safety ውስጥ «Others can communicate with voice, text, or invites» የሚለው Friends ላይ ከሆነ ጓደኛ አድርጋችሁ ካልመዘገባችሁት ሰው ጋር ድምፅ አይተላለፍም። ከአንዱ ጋር ማውራት፣ ከሌላው ጋር ዝም ስለሚሆን ከNAT ጋር ይመሳሰላል። መለያው ይህ ነው፦ ኔትወርክ ስትቀይሩ የማይለወጥ፣ አካውንት ስትቀይሩ የሚለወጥ ከሆነ የግላዊነት ምርጫ ነው።

የትንሹን አካውንት የከፈተችለት እህቱ ነበረች። ደወልንላት። «አዎ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ከማያውቀው ሰው ጋር እንዳያወራ ብዬ ነው» አለች። ከእነማን ጋር እንደሚጫወት ጠየቀች፣ አንድ በአንድ ተነገራት፣ ከዚያ ፈቀደች። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የተዘጋው ታስቦበት ነው። ዕድሜ ዋሽቶ አዲስ አካውንት መክፈት ክልከላውን ያልፈዋል፣ እህቱ የሰጋችውን ነገር ግን ያመጣዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ፓርቲው ውስጥ ዝምታ ሲነግሥ መጀመሪያ ሰንጠረዡን ሥሩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፦ ሄድሴቱን፣ ወይም ኔትወርኩን፣ ወይም አካውንቱን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ዝምታው አብሮት የሄደው እሱ ነው ጥፋተኛው።

የአጎቴ ልጅ አዲሱን ሄድሴት ለደሴው ልጅ በገዛበት ዋጋ ሸጠለት። ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፤ ቆጥረው ነው የተስማሙት።